በ1,000 ብር አዲስ ምርት ማሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ከወጣቶች ጋር እንቀመጣለን። ሥራችን አንድ ነው፤ በጣም ትንሽ ብር ይዘን ከተማው ውስጥ እስካሁን የሌለ ምርት ማሰብ። አዲስ የሚመጡ ልጆች የሚጠይቁን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መልሱን እዚህ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

ብር የሌለው ሰው እንዴት የተለየ ሐሳብ ያመጣል?

ብር ማጣት በራሱ ሐሳብ አያመጣም። ቀድሞ የሚመጣውን ሐሳብ ግን ይዘጋል። ጥቅሙ እሱ ላይ ነው።

ባለፈው ግንቦት ከአምስት ልጆች ጋር ሁለት ዙር ሞከርን። በመጀመሪያው ዙር «ምን ብትሠሩ ትፈልጋላችሁ?» ብቻ አልኳቸው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ ሞላ። ጁስ ቤት፣ ካፌ፣ ቡቲክ፣ ፑል ቤት፣ ባጃጅ ገዝቶ ማከራየት፣ ሞባይል ጥገና፣ ዶሮ እርባታ። አምስቱም ሳይነጋገሩ ጁስ ቤት ጽፈዋል። ጥፋታቸው አይደለም። ጁስ ቤት በየመንገዱ አለ፤ ሰው ሐሳብ አምጣ ሲባል አእምሮው መጀመሪያ የሚያቀብለው ትናንት ያየውን ነው።

በሁለተኛው ዙር ሦስት ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ያለው ብር 1,000 ነው። ሱቅ መከራየት አይቻልም። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ የማናውቀው ሰው ከኪሱ አውጥቶ መግዛት አለበት።

ልጆቹ ዝርዝራቸውን ይዘው አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመሩ። ጁስ ቤት ሄደ፤ መፍጫውና ፍሪጁ ብቻ ስንት ነው? ባጃጁ ሄደ። ቡቲኩ ሄደ። ዶሮዋ በሳምንት አትደርስም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ። አራት ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዷ «አሞራ ገደል አሳ ገዝተው አዲስ አበባ የሚሄዱ ሰዎች ግን አሳው ሳይበላሽባቸው እንዴት ነው የሚያደርሱት?» አለች።

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ በፍጹም አይወጣም ነበር። ጁስ ቤቱ ቦታውን ይዞበት ነበርና። ጥያቄው የት እንደደረሰ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ገደቡ ስንት ብር ይሁን?

ቁጥሩን በሁለት ምልክት እናስተካክላለን። ገደቡ ከተነገረ በኋላ ጁስ ቤቱ ወይም ካፌው «በትንሹ ብንጀምረውስ» እየተባለ በሕይወት ካለ፣ ገደቡ ልል ነው። ብሩን በግማሽ ቀንሱት። በተቃራኒው 20 ደቂቃ አልፎ ወረቀቱ ላይ አንድም ነገር ካልሰፈረ ጠብቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ብሩን አትጨምሩ፤ ጊዜውን ከአንድ ሳምንት ወደ ሁለት አርዝሙት። ብር ስትጨምሩ የተሰረዙት ሐሳቦች ይመለሳሉ። ቀን ሲጨመር ግን አይመለሱም።

በእኛ ልምድ ለአምስት ሰው 1,000 ብር ጥሩ ሆኗል። 5,000 አድርገን ሞክረን ነበር፤ ልጆቹ ወዲያው ዕቃ ከአዲስ አበባ አምጥቶ ስለመቸርቸር ማውራት ጀመሩ።

አንድ ነገር አደራ። ብሩ እውነተኛ ይሁን። በፖስታ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። «1,000 ብር እንዳለን አስቡ» ማለትና ብሩን እዚያው ማየት አንድ አይደለም። ኖቶቹ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ሰው ስለ ክር ዋጋ መጠየቅ ይጀምራል።

ከብር ሌላ ምን ገደብ ይጨመር?

እኛ ከሦስት አናሳልፍም። ብርና ጊዜ ሁልጊዜ አሉ። ሦስተኛውን እየቀያየርን እንሞክራለን። ሱቅ የለም፤ መብራት የለም፤ ጥሬ ዕቃው ከዚህ በእግር 15 ደቂቃ ውስጥ የሚገኝ ይሁን፤ ማስታወቂያ የለም። ሦስተኛው ገደብ ምርቱን የት እንደሚገፋው አስቀድሞ አይታወቅም። «ሱቅ የለም» ያልን ቀን ልጆቹ ገዢው ቀድሞውኑ የቆመበትን ቦታ መፈለግ ጀመሩ። «መብራት የለም» ያልን ቀን ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ፀሐይና ስለ ጭቃ ሆነ።

አራት አምስት ገደብ ሲደራረብ ሰው ማሰቡን ትቶ ሕጉን ማስታወስ ይጀምራል።

ታዲያ «በ1,000 ብሩ ምን እንግዛ?» ብለን እንጀምር?

አይ። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ቲና ሲሊግ የምትባል መምህርት አለች። ተማሪዎቿን በቡድን ከፍላ ለየቡድኑ 5 ዶላር በፖስታ ሰጠች። ማቀድ የፈለጉትን ያህል ይችላሉ፤ ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ግን ያላቸው 2 ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የቻሉትን ያህል አትርፈው፣ በኋላ ክፍል ውስጥ በ3 ደቂቃ ማቅረብ አለባቸው። 5 ዶላሩን ዕቃ ገዝተውበት የሸጡት ብዙም አላተረፉም። ጥሩ ያገኙት ብሩን ጨርሶ የረሱት ናቸው። አንዱ ቡድን ግቢው ውስጥ ቆሞ የተማሪዎችን የብስክሌት ጎማ አየር እየለካ፣ የጎደለውን እየሞላ ገንዘብ ሰበሰበ። ከሁሉም የበለጠው ቡድን ደግሞ ያለውን ሀብት እንደገና ቆጠረ። ያቺ የ3 ደቂቃ ማቅረቢያ ራሷ ሀብት ነበረች። ተማሪዎቹን መቅጠር ለሚፈልግ ድርጅት ሸጧትና 650 ዶላር አገኙ።

ስለዚህ እኛ ስለ ብሩ ከማውራታችን በፊት ሁለት ዝርዝር እንጽፋለን። በአንደኛው ወረቀት ላይ ያለ ብር የምናገኘው ነገር ሁሉ ይሰፍራል። የማን እጅ ምን ያውቃል፣ የማን ጎረቤት ምን ማሽን አለው፣ የትኛው ሱቅ ምን ይጥላል። በሁለተኛው ላይ በዚህ ሳምንት ሰው ሲቸገር፣ ሲጠብቅ ወይም ሲጨቃጨቅ ያየንበት ቦታ ይሰፍራል። ቦታው በስሙ ይጻፍ። «ትራንስፖርት ችግር ነው» አይጠቅምም። «መናኸሪያ ውስጥ ሴትየዋ አሳ የያዘችበት ፌስታል ፈሶ ከረዳቱ ጋር ተጣላች» ይጠቅማል።

ብሩ የሚነሳው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ ነው። የሚገባውም ከአንደኛው ወረቀት ላይ የጎደለውን ለመሙላት ብቻ ነው።

ስብሰባው ራሱ እንዴት ይካሄዳል?

በጽሑፍ። አፍ በኋላ ይደርሳል።

ሐሳብ ማፍለቅ ሲባል ብዙ ሰው በአእምሮው የሚስለው ሰዎች ተሰብስበው እየተቀባበሉ ሲጮሁ ነው። ይህን መንገድ ያስፋፋው አሌክስ ኦዝበርን የሚባል የማስታወቂያ ሰው ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ዲልና ሽትሮብ የተባሉ ተመራማሪዎች በሙከራ እንዳሳዩት፣ አብረው የሚያወሩ ሰዎች ያንኑ ያህል ሰው ለየብቻው ሲያስብ ከሚያመጣው ያነሰ ሐሳብ ያመጣሉ። ዋናው ምክንያት ቀላል ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ የያዘው ይጠፋበታል ወይም ይተወዋል።

እኛ ጋ ሌላም አለ። በዕድሜ የሚበልጥ ሰው መጀመሪያ ከተናገረ ታናናሾቹ እሱን ማጽደቅ ይጀምራሉ። «ጋሼ ያለው ጥሩ ነው» ይባልና ያልቃል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ አስተዳደጋችን ነው። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን ማን እንደጻፈው አይታወቅም።

አካሄዳችን ይህን ይመስላል። ሁለቱ ዝርዝሮች ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። እያንዳንዱ ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሐሳብ ይጽፋል፤ ስም አይጻፍም። ከዚያ ወረቀቱን በቀኙ ላለው ሰው ያቀብላል። የተቀበለው የተጻፈውን አንብቦ ሌላ ሦስት ይጨምራል። የጓደኛውን ሐሳብ ቢያሻሽል ይቻላል፣ ከሁለት ሐሳብ አንድ ቢያወጣም ይቻላል። ወረቀቱ ዞሮ ባለቤቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። መንገዱ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ቤርንት ሮርባኽ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1968 ለስድስት ሰው ያወጣው ነው፤ እኛ በአምስት ሰው እንሠራበታለን። በ25 ደቂቃ ውስጥ እስከ 75 ሐሳብ ይሰበሰባል። ብዙው አይረባም፤ ችግር የለውም።

ወሬ የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። በየሐሳቡ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃለን፦ «ሦስቱን ገደቦች ያልፋል?» ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው፣ ይሸጣል፣ አይሸጥም የሚባል ነገር እዚህ ላይ የለም። ከ75ቱ ስድስት ሰባት ይቀራሉ። ከእነዚህ ሁለት ይመረጥና ሰው ወደ ከተማ ይወጣል።

እስቲ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዩን

የአሳው ጥያቄ ይሁን።

አሞራ ገደልን የማያውቅ ካለ፣ ሐይቁ ዳር ያለ የአሳ ገበያ ነው። ጠዋት ጀልባዎች ይገባሉ፣ ቆሮሶና አምባዛ ይወርዳል፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ እየጠበቁ በሰው መሃል ይንጎራደዳሉ። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ተገፎ የተሰነጠቀ አሳ ይገዛል። በፌስታል ነው የሚይዘው። ከዚያ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የሚሆን መንገድ ይጠብቀዋል።

ነፃ ነገሮች የተጻፉበት ወረቀት ላይ ሦስት የሚገጥሙ ነገሮች ነበሩ። ከልጆቹ አንዷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ሠርታ ስለነበር መርፌ እጇ ላይ ይታዘዛል። ገበያ ውስጥ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ ሞልተው ይጥላሉ። አንድ የሰፈር ባለሱቅ ደግሞ ማታ ማታ ፍሪዘሩ ግማሹ ባዶ ነው።

ከዚህ የወጣው ምርት የአሳ መያዣ ቦርሳ ነው። ውጩ የማዳበሪያ ከረጢት፣ መሃሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሞላ፣ ውስጡ ወፍራም ላስቲክ። ማቀዝቀዣው ውሃ ተሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሆነ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው።

የመጀመሪያው ቦርሳ አልሠራም። አንድ መደዳ ጨርቅ ብቻ ነበረው፤ በውስጡ ሁለት ኪሎ አሳ የሚያህል ውሃና አንድ የበረደ ሃይላንድ አስቀመጥን። በሁለት ሰዓት ውስጥ በረዶው አለቀ። ልጆቹ ሐሳቡን ሊጥሉት ነበር። ምክንያቱን ስናሰላው ግን ጥፋቱ የቦርሳው ብቻ አልነበረም። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣል፤ ግማሽ ኪሎው 167። ሁለት ኪሎ አሳን ከ25 ዲግሪ ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ 150 ኪሎጁል አካባቢ ይፈልጋል። አንዱ ሃይላንድ መንገዱ ሳይጀመር አሳውን በማቀዝቀዝ ያልቃል ማለት ነው። ለመንገዱ የቀረ ነገር የለም።

ስለዚህ ሃይላንዱ ሦስት ሆነ። ጨርቁ ተጠቅጥቆ ሳይሆን ላላ ብሎ ሦስት አራት ጣት ያህል ወፈረ፤ ሙቀት እንዳይገባ የሚያግደው በጨርቁ መሃል የታሰረው አየር ነው። ቦርሳው ደግሞ ለሁለት ኪሎ አሳና ለሃይላንዶቹ ብቻ ልክ እንዲሆን ጠበበ። ሃይላንዶቹን ከአሳው ሥር ሳይሆን ከላይ አደረግን፤ ቀዝቃዛ አየር ወደታች ይወርዳልና።

ሌላ ያስቸገረን ላስቲኩ ነበር። ከጨርቁ ጋር አብራ ስትሰፋው በመርፌ ቀዳዳ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። መፍትሔው አለመስፋት ሆነ። ላስቲኩ እንደ ከረጢት ለብቻው ይገባል፣ አፉ ይጠቀለላል፣ ቤት ሲደርስ ይወጣና ይታጠባል። በዚያውም የሽታው ነገር ቀለለ። ገንዘብ ቢኖረን ኖሮ ውሃ የማያስገባ ዚፕ እንገዛ ነበር፤ ላስቲኩም እንደተሰፋ ይቀር ነበር።

ወጪው ለአምስት ቦርሳ እንዲህ ነበር። ከረጢት 150 ብር፣ ላስቲክ 200፣ ክርና መርፌ 80። ባዶ ሃይላንድ ከቆራሌው 15 ፍሬ በ75 ብር። ባለሱቁ ለማቀዝቀዝ በአንዱ 10 ብር፣ 150። ድምሩ 655 ብር።

ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እንደሚሠራ በምን ታወቀ?

ቴርሞሜትር አልነበረንም። ስለዚህ ማወዳደር ነበረብን። አሳ እንዳይባክን በአሳው ፋንታ ሁለት ሊትር የቧንቧ ውሃ ተጠቀምን። እኩል ሦስት ሦስት የበረደ ሃይላንድ አዘጋጅተን አንዱን ጭነት ቦርሳው ውስጥ፣ ሌላውን ፌስታል ውስጥ አደረግን። ሁለቱንም ጥላ ቦታ አስቀምጠን አምስት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ሃይላንዶቹን ከፍተን የቀለጠውን ውሃ ደፋን፣ የቀረውን ከነበረዶው ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጥን።

ፌስታሉ ውስጥ በረዶ የሚባል አልቀረም። ቦርሳው ውስጥ ግን ሲሶው ያህል ገና በረዶ ነበር። በረዶ እስካለ ድረስ አሳው አጠገብ ያለው ነገር ቀዝቃዛ ነው፤ ለእኛ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። ከሙከራው በኋላም ለገዢ የምንናገረውን ነገር አወቅን፦ አምስት ሰዓት። ስድስት ወይም ሰባት አላልንም፤ ጭነቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጠንም አልሞከርንም።

ይህን ለሚደግም ሰው አንድ ምክር አለኝ። ሃይላንዱን እስከ አፉ አትሙሉት። ውሃ በረዶ ሲሆን አንድ አሥረኛ ለሚሆን ያህል ያብጣል፤ አንገቱ ድረስ ከሞላ ይሰነጠቃል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነም ከአንድ ቀን በፊት ማስገባት ይሻላል። እኛን አንድ ዓርብ ማታ መብራት ጠፍቶብን ጠዋት ያገኘነው ግማሹ ውሃ የሆነ ሃይላንድ ነበር። ያን ቀን አልሸጥንም።

ሽያጩስ?

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ልጆች አሞራ ገደል መግቢያ ላይ አምስቱን ቦርሳ ይዘው ቆሙ። ዋጋው ሃይላንዶቹን ጨምሮ 250 ብር ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልገዛም። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ገና አሳ አልያዘም፤ ስለ መያዣው ለምን ያስባል?

«ሱቅ የለም» የሚለው ገደብ የረዳን እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ አሳ የምትሰነጥቅ አንዲት እናት ጋ ሄዱ። «ማዘር፣ ይሄን ለመንገደኛ ብታሳዩልን፤ በአንዱ 30 ብር ለእርስዎ ነው» አሏት። ሴትየዋ ቦርሳውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ላስቲኩን አውጥታ አጠፈችውና መልሳ አስገባችው። «ይታጠባል?» አለች። «አዎ።» «እንግዲያው አምጡት።»

እሷ አሳውን ስትገፍ ገዢውን «ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብላ ትጠይቃለች። ሁልጊዜም የምትጠይቀው ነው፤ አቆራረጡ በዚያ ይወሰናልና። «አዲስ አበባ» ካለ ቦርሳውን ብድግ ታደርጋለች። እስከ እኩለ ቀን ሦስት ተሸጠ። ከልጆቹ መሃል ማንም አፉን አልከፈተም።

ሦስቱ 750 ብር አስገቡ፣ 90 ለእሷ። አምስቱን ለመሥራት የወጣው 655 ብር በዚያው ቀን ተመለሰ፣ ትንሽም ተረፈ። የልጆቹ ድካም እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ መግባት ነበረበት። አንዱን ቦርሳ ለመስፋት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቷል። ይህን ካላሰሉ ምርቱ የሚያተርፍ ይመስላል እንጂ አያተርፍም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

ገደቡ ሳይታወቅ ሲሾልክ። «የአጎቴ ልጅ መኪና አለው» ይባላል። «ጨርቁ ነፃ ነው» ይባላል። አንድ ቀን የተለመነ ነገር ነፃ ነው፤ በየሳምንቱ የሚለመን ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ገና አልተነገረም እንጂ። ልብስ ሰፊው ለሁለት ሳምንት ቁርጥራጩን በደስታ ሰጠን። በሦስተኛው በማዳበሪያ 50 ብር አለ። መብቱ ነው። ከመጀመሪያው ብንጠይቀው ኖሮ ዋጋችንን በዚያ እናሰላ ነበር። አሁን ነፃ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ለተጻፈው ነገር ሁሉ አጠገቡ «በወር አራት ጊዜ ብንወስድስ?» ብለን እንጽፋለን።

ሁለተኛው ምልክት ቋንቋ ነው። ሰው «ስፖንሰር ብናገኝ»፣ «ብድር ሲለቀቅልን» ማለት ከጀመረ ገደቡን በልቡ አንስቶታል። ያን ጊዜ ስብሰባውን አቁሜ ፖስታውን ከፍቼ ብሩን እንደገና እንቆጥረዋለን።

ሐሳቡ አዲስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ዓለም ላይ አዲስ መሆን የለበትም። በበረዶ አሳ ማቆየት የቆየ ነገር ነው። የተለየው ማዳበሪያው፣ ሃይላንዱና አሳ ሰንጣቂዋ እዚያ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ነው። የጎማ ሶል ያለው በረባሶም አገራችን ውስጥ ድሮም ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሶል ሬብልስን ስትጀምር ያንን የምናውቀውን የአሮጌ ጎማ ሶል ነው የያዘችው፤ በእጅ ከተፈተለ ጥጥና ከአካባቢዋ ሰው የእጅ ሙያ ጋር አገናኝታ ለውጭ ገበያ አደረሰችው።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄ ነው፤ ከተማ ውስጥ ለሦስት ሰው አሳይና «ይሄን የት አይተሃል?» በል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቦታ ከጠሩ ቅጂ ነው።

በዚህ መንገድ መሞከር የሌለበት ምርት አለ?

አለ። የሕፃናት ምግብ፣ መድኃኒት፣ የሚታሸግ ምግብ፣ ከቆጣሪ መብራት ጋር የሚገናኝ ነገር። እነዚህ ላይ ብር ሲያጥር የሚቀነሰው ጥንቃቄ ነው። እኛም አሳውን ራሱን ለመሸጥ አስበን ትተነዋል። ቦርሳው ቢበላሽ ሰው 250 ብር ይከስራል፤ አሳው ቢበላሽ ሰው ይታመማል።

ብቻዬን ነኝ፤ ይሆናል?

ይሆናል። ወረቀቱን ለሰው በማቀበል ፋንታ ለነገ አቀብለው። ዛሬ ሦስት ጻፍ፣ ዝጋው፣ ነገ በሌላ ሰዓት አንብበህ ሦስት ጨምር። አምስት ቀን እንዲህ አድርግ። ሁለቱን ዝርዝሮች ግን ቤት ተቀምጠህ አትጻፋቸው፤ መናኸሪያ፣ ገበያና ሐይቅ ዳር ሄደህ ጻፍ።

መሸጥ ሲጀምር ገደቡ ይነሳል?

አንዱ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ። ልጆቹ ከመጀመሪያው ወር ትርፍ የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ፈልገው ነበር። ይልቅ ለአንድ ሳምንት ተከራዩት። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ስፌት 40 ደቂቃ ሆነ፤ ግን መኪናው ወፍራሙን ጠርዝ አልበሳ አለና መርፌ እየሰበረ አስቸገረ። ስለዚህ ጎኑን በመኪና፣ ጠርዙን በእጅ እየሰፉ ነው። የብሩ ገደብ አሁንም አለ፤ ፖስታው ውስጥ 1,000 ብር ይቀመጣል፣ ለሚቀጥለው ቦርሳ ከዚያ በላይ አይወጣም። አሁን የያዙት ጥያቄ ባለ አንድ ኪሎ ቦርሳ ነው። አሳ ሰንጣቂዋ ናት ያመጣችው፤ «ሁለት ኪሎ የሚገዛ እኮ ጥቂት ነው፣ ልጆቼ» አለቻቸው።